መምህር፣ የማይቶኮንድሪያው መልሴ ላይ ነጥብ የተቀነሰው ለምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ እንዴት አመሹ? ሕይወት ነኝ፤ የቅዳሜ ጠዋቷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው። በእሑድ ምሽት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት የመለሱልንን የባዮሎጂ መለማመጃ ፈተና ቤት ወስጄ ደጋግሜ አየሁት። ጥያቄ 4 ላይ ከ8 ያገኘሁት 4 ነው። ነጥብ እንዲጨመርልኝ ፈልጌ አይደለም የምጽፈው። የተሳሳትኩበት ቦታ በትክክል ካልገባኝ በዋናው ፈተናም ያንኑ እንዳልደግመው ፈርቼ ነው።

ወረቀቱ እጅዎ ላይ ስለሌለ የጻፍኩትን እዚህ ላስቀምጥልዎት። የመለስኩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው እንዲህ ይላል። «ሀ» የሚለው የማይቶኮንድሪያ መዋቅር ለሥራው እንዴት እንደሚመች አብራሩ ነበር፣ 6 ነጥብ፦

«ማይቶኮንድሪያ የሴል ኃይል ማመንጫ ነው። ግሉኮስ ወደ ማይቶኮንድሪያው ገብቶ በኦክስጅን ይቃጠልና ኃይል ይፈጠራል። ሁለት ሜምብሬን አለው። የውስጠኛው የታጠፈ ስለሆነ ስፋቱ ብዙ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ውኃው ተርባይኑን አዙሮ መብራት እንደሚሰጥ ሁሉ ማይቶኮንድሪያም ኤቲፒ ይሰጣል። ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይገኛል።»

ራይት ያደረጉልኝ ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ «ሁለት ሜምብሬን» እና «የታጠፈ» የሚሉት ላይ። «ግሉኮስ ወደ ማይቶኮንድሪያው ገብቶ» የሚለውን ኤክስ አድርገውታል፣ «ይፈጠራል» የሚለው ሥር በቀይ አስምረዋል፣ 38 አጠገብ የጥያቄ ምልክት አለ፣ የጢስ ዓባዩ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል።

የግሉኮሱን ስህተት ራሴው አግኝቼዋለሁ። ግሉኮስ እንዳለ አይገባም፤ መጀመሪያ ሳይቶፕላዝም ውስጥ በግላይኮሊሲስ ለሁለት ፓይሩቬት ይከፈላል፣ ወደ ማይቶኮንድሪያው የሚገባው ፓይሩቬቱ ነው። በዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም።

«ይፈጠራል» የሚለውም እንደገባኝ ከሆነ ጉልበት አይፈጠርም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ይህን በፊዚክስ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል፤ ባዮሎጂ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ያለ ሐሳብ ጻፈው። ግሉኮሱ ውስጥ ያለው ጉልበት ከፊሉ ወደ ኤቲፒ ይዛወራል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል ብል ትክክል ነው? «ኤቲፒ ይመረታል» ማለትስ ይቻላል? ኤቲፒው ከኤዲፒና ከፎስፌት የሚሠራ ነገር ስለሆነ ይቻላል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።

38 ላይ ግን በእውነት ግራ ገብቶኛል። ከታላቅ እህቴ የወረስኩት መጽሐፍ 38 ይላል፣ እርስዎ የሰጡን ወረቀት 30 ወይም 32 ይላል። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አሮጌው ለአንድ ኤንኤዲኤች 3፣ ለአንድ ኤፍኤዲኤች 2 ኤቲፒ ይቆጥራል። 10 ኤንኤዲኤች 30፣ 2 ኤፍኤዲኤች 4፣ ከግላይኮሊሲስና ከክሬብስ ዑደት በቀጥታ የሚገኘው 4፣ ድምሩ 38። አዲሱ 2.5 እና 1.5 ስለሚይዝ 25፣ 3 እና 4 ተደምሮ 32 ይመጣል። እንግዲህ የጥያቄ ምልክቱ ቁጥሩ ስላረጀ ነው ወይስ ጥያቄው ስለ መዋቅር ሆኖ ሳለ ቁጥር ውስጥ ስለገባሁ? በፈተና ላይ የትኛውን ልጻፍ?

አሁን ዋናው ጥያቄዬ፦ የጢስ ዓባዩ ምሳሌ ለምን ተሰረዘ?

ይህን የምጠይቀው «ለ» ላይ ያደረጉልኝን ስላየሁ ነው። የጡንቻ ሴል ከቆዳ ሴል ይበልጥ ማይቶኮንድሪያ ያለው ለምንድን ነው ለሚለው የጻፍኩት ስለ ዓሣ ነው። እናቴ ጣና ዳር ዓሣ ትጠብሳለች፤ ከትምህርት በኋላ ቅርፊት የማራግፈው እኔ ነኝ። ቀረሶ ቆዳው ሲገፈፍ ሥጋው ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ የሚሄድ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ቀዩ ሥጋ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ሳይደክም ቀስ ብሎ የሚዋኝበት ስለሆነ ማይቶኮንድሪያው ብዙ ነው፤ ነጩ ለድንገተኛ ሩጫ ስለሆነ አነስ ይላል ብዬ ጻፍኩ። 2 ከ2 ሰጡኝ፣ አጠገቡም «ጎበዝ» ብለው ጻፉበት። ታዲያ የዓሣው ምሳሌ ነጥብ ሲያስገኝ የጢስ ዓባዩ ለምን አላስገኘም ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

ጢስ ዓባይ የጻፍኩት ዝም ብዬ አይደለም። ባለፈው ክረምት አጎቴ ወስዶኝ አይቼዋለሁ። ውኃው ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ከሚወርድበት አጠገብ ሲቆሙ ግን መሬቱ በጫማ ሥር ይንቀጠቀጣል። ስለ ኤቲፒ ሲንቴዝ ሲያስተምሩን ትዝ ያለኝ ያ ነው። ፕሮቶኖቹ በሁለቱ ሜምብሬኖች መካከል ይከማቻሉ፣ ወደ ማትሪክስ የሚመለሱት ደግሞ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ነው፤ እሱም እንደ ተርባይን በእውነት ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ፕሮቶን የሚል ቃል የለም! ውኃውን ጻፍኩ፣ ውኃው የማን ምሳሌ እንደሆነ አልጻፍኩም። ዓሣው ላይ መጀመሪያ ምክንያቱን ተናግሬ ነበር፤ እዚህ ምሳሌውን በምክንያቱ ቦታ አስቀመጥኩት። ጥፋቴ ይህ ነው መምህር?

ወይስ ምሳሌው ራሱ ስህተት ነው? ጢስ ዓባይ ላይ ውኃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ፓምፕ የለም፣ ከጣና ወርዶ የሚመጣ ነው። በማይቶኮንድሪያ ግን ፕሮቶኖቹን ወደዚያኛው ወገን የሚገፋቸው ኤሌክትሮን ትራንስፖርት ቼይን ነው፣ ጉልበቱንም የሚያገኘው ከምግቡ ከመጡት ኤሌክትሮኖች ነው። ይህን ልዩነት ካልጻፍኩ አራሚው «አልገባትም» ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ በፈተና ላይ ጨርሶ ምሳሌ ባልጽፍ ይሻላል?

እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሜምብሬን አለው። የውስጠኛው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ክሪስቴ ይሠራል፤ ስፋቱ ስለሚጨምር ብዙ ኤሌክትሮን ትራንስፖርት ቼይንና ብዙ ኤቲፒ ሲንቴዝ ይይዛል። በሁለቱ ሜምብሬኖች መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የሚገፉት ፕሮቶኖች ቶሎ ይጠራቀማሉ። የውስጠኛው ሜምብሬን ፕሮቶን እንደ ልብ ስለማያሳልፍ ፕሮቶኖቹ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ወደ ማትሪክስ ሲመለሱ ኤቲፒ ይሠራል። ማትሪክሱ ውስጥ የክሬብስ ዑደት ኢንዛይሞች አሉ። የራሱ ዲኤንኤና ራይቦዞም ስላለው ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች የተወሰኑትን ራሱ ይሠራል።»

ይህኛው ስንት ያገኝ ነበር? አሁንም የጎደለ ካለ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ፣ ቀሪውን እኔ እፈልገዋለሁ።

የወረቀቱን ፎቶም ልኬልዎታለሁ፤ ብርሃኑ ደከም ስላለ ካልታየዎት ነገ ቀን ላይ አንስቼ እልካለሁ። በጽሑፍ መመለሱ ጊዜዎን የሚሻማ ከሆነም ቅዳሜ 2:30 ላይ ቀድሜ መጥቼ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ፣ ሌሎቹ 3 ሰዓት እስኪገቡ ድረስ ይበቃናል።

ደኅና ይደሩ መምህር።

ተማሪዎ ሕይወት