የዕለቱ የክትባት ፍሪጅ ሙቀት ማሳወቂያ፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልን፣ የክትባት መጋዘን ባልደረቦች።

በፍሪጅ 4 ውስጥ ያሉት ፔንታቫለንት፣ ፒሲቪ እና ቲዲ ክትባቶች ሌላ ማሳወቂያ እስኪላክ ድረስ ለማንም ወረዳ እንዳይወጡ በአክብሮት እናሳስባለን። ዛሬ ጠዋት 1፡00 ሰዓት ላይ የፍሪጅ ታጉ ንባብ ሲወሰድ፣ ሌሊት ከ9፡10 እስከ 10፡35 ድረስ የፍሪጁ ሙቀት ከ−0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንደነበረና እስከ −0.9 እንደወረደ ታይቷል። መሣሪያው ከዚህ መጠን በታች 60 ደቂቃ ሲቆይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ስለሚሰጥ፣ ምልክቱ አሁንም በማሳያው ላይ ይገኛል። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ቴርሞስታቱ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ዞሮ የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬ ጠዋት ወደ ቦታው ተመልሷል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሙቀቱን ጭማሪ ለማካካስ ሲባል ቴርሞስታቱን መነካካት ክትባቱን ከሙቀቱ ይልቅ ለከፋ ጉዳት ያጋልጣል፤ ስለዚህ እባካችሁ ማንም እንዳይነካው።

የቫያሉ ቪቪኤም ደህና መስሎ ስለታየ ብቻ ክትባቱ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ቪቪኤም የሚያሳየው የሙቀት ጉዳትን እንጂ የመቀዝቀዝ ጉዳትን አይደለም፤ ስለሆነም ሼክ ቴስት በእያንዳንዱ የክትባት ዓይነትና የባች ቁጥር ይሠራል። ለማነጻጸሪያ የተለዩት ቫያሎች ዛሬ «አገልግሎት ላይ አይውልም» ተብሎ ተጽፎባቸው ፍሪዘር ውስጥ ገብተዋል። በደንብ ረግተው እንዲጠነክሩ ሌሊቱን እዚያው ስለሚያድሩ፣ ነገ ጠዋት ቀልጠው ፍተሻው ከተደረገ በኋላ ውጤቱ በነገው ማሳወቂያ ይገለጻል።

የሌሎቹ ፍሪጆች ንባብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ፍሪጅ 2 መብራት በጠፋበት ሰዓት ለ40 ደቂቃ 8.6 ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን የሙቀት ማስጠንቀቂያው የሚሰጠው ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ሲቆይ በመሆኑ ምልክት አልታየም። ክስተቱ በመዝገብ ገብቷል፤ በውስጡ ያሉት ክትባቶችም መውጣት ይችላሉ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፔንታቫለንት ሊወስዱ የሚመጡ ሁለት ወረዳዎች ስላሉ፣ የዕቃ አውጪ ባልደረባችን ከፍሪጅ 2 እንዲያስተናግዷቸውና የባች ቁጥሩን በወጪ ደረሰኙ ላይ እንዲመዘግቡ እንጠይቃለን። በፍሪጅ 4 በር ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከተረኛው በስተቀር ማንም አያንሣው።

የየሰዓቱ ንባብ፣ የባች ቁጥሮች ዝርዝርና የማሳያው ፎቶ በሚከተለው ሊንክ ላይ ይገኛሉ፤ ሊንኩ የሚከፈተው በመጋዘኑ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ነው።

```
http://10.20.4.15/cold/2017-03-10
```

መልእክቱን ያነበባችሁ «ደርሷል» ብላችሁ መልሱልን። ዛሬ ከሥራ ውጭ ላሉ የማታ ተረኞች ግን በስልክ እንደውላለን።

የቅዝቃዜ ሰንሰለት ክትትል ተረኛ