ስለ ማታው ስልክ

ሚሚዬ እንዴት ነሽ? ሥራ ላይ ከሆንሽ ረጋ ስትይ አንብቢው፣ አስቸኳይ አይደለም። በአካል ልነግርሽ ነበር፣ ግን አንቺ ስትገቢ እኔ ተኝቼ፣ እኔ ስወጣ አንቺ ተኝተሽ፣ አንድ ቤት እየኖርን በቴሌግራም ቀረን።

ነገሩ የሌሊቱ ስልክ ነው። እጮኛሽ ቶሮንቶ ከሥራ ሲወጣ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ሌላ ሰዓት እንደማይመቸውም ነግረሽኛል። ስለዚህ አታውሪ ልልሽ አይደለም፣ ኧረ አውሪ! ብቻ ሳሎን ሶፋው ላይ ሆነሽ በላውድ ስታወሩ፣ በሶፋውና በእኔ ራስጌ መሀል ያለው ችፑድ ብቻ ስለሆነ አንዷም ቃል አታመልጠኝም። ማክሰኞ ሌሊት ሽማግሌ ስለመላኩ የተባባላችሁትን ሳልፈልግ ሰማሁት። (እንኳን ደስ ያለሽ በነገራችን ላይ፣ ከአንቺ አፍ ብሰማው ግን ደስ ይለኝ ነበር 😄)

የእኔን ሰዓት ታውቂዋለሽ፣ የፓርኩ ሰርቪስ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ጋ ደርሶ ሁለት ደቂቃም አይጠብቅም። ሌሊት አንዴ ከነቃሁ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሐሙስ ማሽኑ ላይ ሳንጎላጅ ሱፐርቫይዘሯ አየችኝ። እሷስ ተቆጥታ አለፈች፣ እኔን ያስፈራኝ መርፌው ነው፣ ጣቴ ከሥሩ ነበር። የሚገርመው ንጋት ላይ ቆርቆሮው ላይ የሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎች እንኳ አይቀሰቅሱኝም። የሰው ወሬ ሲሆን ግን ጆሮዬ ይከተላል፣ ምን ላድርገው።

ሳሎን የምትቀመጪው ዋይፋዩ ክፍልሽ ድረስ ስለማይዘልቅ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ ራውተሩን ከእኔ ግድግዳ አንስተን አንቺ በር አጠገብ ብናደርገውስ? ለካሁት፣ 10 ሜትር ኬብል በኮርኒሱ ጠርዝ ተዘርግቶ ይበቃል። ቅዳሜ በግማሽ ቀን ስለምወጣ አሮጌ ገበያ በኩል አልፌ እገዛዋለሁ፣ ሒሳቡን እኩል እንካፈላለን፣ ለባለቤቷም እትዬ ሚስማር አይመታም ብዬ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በርሽን ዘግተሽ እስኪነጋ ብታወሪ አልሰማሽም።

እስከ ቅዳሜ ግን ከ5 ሰዓት በኋላ ላውዱን ትተሽ በኢርፎን አውሪ፣ ከሶፋውም ተነስተሽ ማዕድ ቤቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ሁኚልኝ፣ እዚያም ኔትወርኩ አይከፋም። በረንዳ ውጪ አልልሽም፣ ቢንቢው ይጨርስሻል። ስትገቢ ደግሞ የብረት በሩን መቀርቀሪያ በእጅሽ ያዝ አድርገሽ መልሺው፣ ሲወረወር ግቢው ሁሉ ነው የሚነቃው።

የእኔ አላርም ደጋግሞ እየጮኸ አንቺንም እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ ከትራሴ ሥር አድርጌ ንዝረት ላይ አደርገዋለሁ። ቅዳሜ የማይመችሽ ከሆነም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንዘርጋው፣ ብቻ የትኛው እንደሚሻልሽ ዛሬ ጻፊልኝ። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፣ እንጀራው መሶቡ ላይ ነው።