የለውዝ ቅቤ ከገበያ መሰብሰብ፦ የቀውስ ጊዜ የኮሙኒኬሽን ዕቅድ

ለሥራ አመራር፣ ለጥራት ቁጥጥር፣ ለሽያጭና ለደንበኞች አገልግሎት
ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ የካቲት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት

ምን ተፈጠረ

ዛሬ ጠዋት የላቦራቶሪ ውጤት ደርሶናል። ከጥር 26 እስከ 28 ባመረትነው የለውዝ ቅቤ ውስጥ አፍላቶክሲን ከተፈቀደው መጠን በላይ ተገኝቷል። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተመረተው 9,600 ጠርሙስና 140 ባለ 5 ኪሎ ባልዲ ነው። መጋዘን ውስጥ 2,900 ጠርሙስና 38 ባልዲ አግኝተን ለይተን ቆልፈንበታል። 6,700 ጠርሙስና 102 ባልዲ ወጥቷል። ከወጣው ውስጥ ስንቱ እንደተበላ አናውቅም።

ለውዙ በአንድ ጭነት የገባ ነው። እርጥበት የት እንዳገኘው፣ ማሳ ላይ፣ መንገድ ላይ ወይስ በእኛ መጋዘን፣ እየተጣራ ነው። እስኪጣራ ድረስ ማንም ሰው ገበሬውን ወይም ነጋዴውን ጥፋተኛ እንዳያደርግ። ለውዙን ተቀብለን የፈጨነው እኛ ነን። ሲገባ መመርመርም የእኛ ሥራ ነበር።

ጊዜው ከባድ ነው። ሁዳዴ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ረመዳንም ገብቷል። በጾም ወቅት የለውዝ ቅቤ ከዳቦ ጋር የብዙ ቤት ቁርስ ነው፤ ለልጆች ትምህርት ቤት ምሳም ይቋጠራል። ስለዚህ ይህን ሥራ ለነገ ማሳደር አይቻልም።

አቋማችን

ሰው ወሬውን ከሌላ ሳይሰማ ከእኛ መስማት አለበት። ውጤቱ የደረሰን ጠዋት ነው፤ ማታ የሚተኛ ደንበኛ ሁሉ የሚበላውንና የማይበላውን ለይቶ ማወቅ አለበት። "ጥቃቅን የጥራት ችግር"፣ "ለጥንቃቄ ሲባል ብቻ"፣ "በቴክኒክ ምክንያት" የሚሉ አባባሎች በማንኛውም ጽሑፋችን ውስጥ አይገቡም። ችግሩን በስሙ እንጠራዋለን፤ አፍላቶክሲን ነው።

ለሕዝብ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለ ውሳኔና ስለ ገንዘብ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ስለ ምርመራና ስለ ጤና የጥራት ቁጥጥር ኃላፊዋ ይናገራሉ። ሌሎቻችን ስንጠየቅ መልሳችን "ትክክለኛውን መረጃ የሚሰጥዎትን ሰው አገናኝዎታለሁ" የሚል ይሁን። ከዚያም በትክክል እናገናኝ።

ማን መቼ ይሰማል

መጀመሪያ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን። የጥራት ኃላፊዋ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ደውላ ትናገራለች፤ ደብዳቤው ከላቦራቶሪ ውጤቱና ከስርጭት ዝርዝሩ ጋር በእጅ ይደርሳል። ምግብና መድኃኒትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሥራችን መሠረት ነው፤ ባለስልጣኑ ጠይቆን ሳይሆን እኛ ቀድመን እንናገራለን። የአዲስ አበባ ከተማ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በዚያው ሰዓት ግልባጩ ይደርሰዋል።

6 ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ሁሉ፣ የጥበቃና የጽዳት ባልደረቦች ጭምር፣ ከሥራ አስኪያጁ አፍ ይሰማል። እነሱም ቤታቸው ጠርሙሱ አለ። የሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውም እነሱን ነው።

7 ሰዓት ላይ ለመርካቶ አከፋፋዮችና ለሱፐርማርኬቶች በስልክ ይደወላል። መልእክት ብቻ ልኮ መቀመጥ አይቻልም። ለሱቆች አጭር የስልክ መልእክት ይላካል። 8 ሰዓት ላይ መግለጫው በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በማሸጊያው ላይ በታተመው ገጻችን ይወጣል፤ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይላካል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እኩል ይወጣል። የጥራት ኃላፊዋ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ ቀኑ የት እንደታተመ የምታሳይበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በቲክቶክም ይለቀቃል። ብዙ ሰው ጽሑፉን አያነብም፤ ክዳኑን ግን ያያል።

ለሕዝብ የሚወጣው መግለጫ

> የለውዝ ቅቤያችንን ለምትጠቀሙ ሁሉ
>
> ከጥር 26 እስከ 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ያመረትነውን የለውዝ ቅቤ እባካችሁ አትብሉ፤ ለልጆችም አትስጡ። በላቦራቶሪ ምርመራ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከተፈቀደው መጠን በላይ ተገኝቶበታል። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። በዓይን አይታይም፤ በጣዕምም ላይለይ ይችላል። ብትቀቅሉት ወይም ብታሞቁት አይጠፋም።
>
> ክዳኑን ተመልከቱ። የምርት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 03/02/26፣ 04/02/26 ወይም 05/02/26 ከሆነ የምንሰበስበው ምርት ነው። ሌላ ቀን የታተመበት በዚህ ጥሪ ውስጥ የለም።
>
> ለውዝ ቅቤ በኪሎ ወይም በማንኪያ ተመዝኖላችሁ ከየካቲት 1 ወዲህ ከገዛችሁና የማን ምርት እንደሆነ ካላወቃችሁ እሱንም አትብሉ። የገዛችሁበትን ቤት ጠይቁ።
>
> ጠርሙሱ ተከፍቶም ቢሆን፣ ግማሹ አልቆም ቢሆን ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱ። ሙሉ ዋጋው ይመለስላችኋል። ደረሰኝ አንጠይቅም። ሱቅ መሄድ ለማይችል ሰው በማሸጊያው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ገንዘቡን በቴሌብር መቀበል ይችላል።
>
> የቀረውን ለላም፣ ለዶሮ ወይም ለሌላ እንስሳ አትስጡ።
>
> ከዚህ ምርት የበላ ሰው ማስመለስ፣ ጠንካራ የሆድ ሕመም ወይም የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ካየበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የበላውንም ለሐኪሙ ይንገር።
>
> ያመረትነው እኛ ነን፤ ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የደረስንበትን በድጋሚ እናሳውቃለን።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክዳናችን ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 03/02 የሚለውን ብዙ ሰው ጥቅምት 3 ብሎ ሊያነበው ይችላል። "የእኔ የጥቅምት ነው፣ አይመለከተኝም" ብሎ የሚበላ ሰው እንዳይኖር በማንኛውም መልእክት ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር አብረው ይጻፋሉ። በስልክ የምትመልሱም ቀኑን አታስተርጉሙ። ደንበኛው ክዳኑ ላይ የሚያየውን ቁጥር እንዳለ ያንብብላችሁ።

ሱቆች

ይህ ሥራ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ሱቅ ላይ ነው። ባለሱቁ ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዝቷል፤ አሥር ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ አለ። ገንዘቡ እንደሚመለስለት እርግጠኛ ካልሆነ ከጓሮ አስቀምጦ ነገሩ ሲበርድ ይሸጠዋል። በዚህ እሱን መውቀስ አይገባም፤ መፍትሔው ገንዘቡን በዕለቱ በእጁ ማስገባት ነው።

ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ የሽያጭ መኪኖች አዲስ ዕቃ አይጭኑም። ባዶ ይወጣሉ፤ ሰብስበው ይመለሳሉ። ሒሳቡ እዚያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይከፈላል። በዱቤ የወሰደ ሱቅ ካለ የመለሰው ዕቃ ከዱቤው ይሰረዝለታል፤ ሌላ ያረጀ ዕዳ ቢኖርበት ግን በዚህ ሰበብ አይጠየቅም። ይህን የሽያጭ ኃላፊው ለእያንዳንዱ ሾፌር በቃል ይንገር። ደንበኛ መልሶለት ባለሱቁ ከኪሱ የከፈለውንም ክዳኑን አይተን እንተካለን።

ሱቅ ላይ የሚነገረው ይህ ነው፦

> እንደምን ዋሉ። የለውዝ ቅቤያችን ላይ ችግር ስለተገኘ እየሰበሰብን ነው። መደርደሪያ ላይም መጋዘንም ያለውን አብረን እንይ። ገንዘብዎን አሁኑኑ እከፍልዎታለሁ። ደንበኛ ይዞ ከመጣ ይቀበሉት፤ ሒሳቡን እኛ እንተካለን። ይህችን ወረቀት በር ላይ ብንለጥፋት ይፈቅዱልናል?

ወረቀቱ ላይ የክዳኑ ትልቅ ፎቶ፣ ሦስቱ ቀናትና "አትብሉ፣ መልሱ" የሚሉት ቃላት ብቻ ይኑሩ።

ባልዲዎቹ

በጣም የሚያሳስበኝ 102ቱ ባልዲ ነው። ጠርሙስ ቀኑን ይዞ ይሄዳል። ባልዲ ግን ጭማቂ ቤት፣ ካፌና ዳቦ ቤት ገብቶ ይከፈታል፤ መርካቶም በኪሎ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ስምም ቀንም የለውም። ስለዚህ ባልዲ የገዙ ደንበኞች በዝርዝር አንድ በአንድ ይደወልላቸዋል፤ ስልክ ያላነሳ ዘንድ ዛሬውኑ ሰው ይሄዳል። ባልዲው ባዶ ከሆነ ለማን እንደሸጡት እንጠይቃለን። ጭማቂ ቤቱን በስም ጠርተን አደባባይ አናወጣም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስልክ ላይ

መስመሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው፤ ስድስት ሰው በፈረቃ ይሠራል። ሦስት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል።

"ልጄ በልቷል፣ ምን ላድርግ?" የሚል እናት ወይም አባት ሲደውል ቶሎ ለማጽናናት አትቸኩሉ። "ምንም አይሆንም" ማለት ክልክል ነው፤ ሐኪም አይደለንም። "ስለደወሉ አመሰግናለሁ። አሁን መስጠቱን ያቁሙ። አፍላቶክሲን በይበልጥ የሚያሰጋው ለረጅም ጊዜ ሲበላ ጉበት ላይ ነው፤ በብዛት ሲበላ ግን ቶሎም ሊያሳምም ይችላል። ልጁ ያስመልሰዋል? ዓይኑ ቢጫ ሆኗል?" ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። የለም ካለም ጥርጣሬ ካለው ሐኪም እንዲያይለት ንገሩት፤ በማግስቱም እኛ ደውለን እንጠይቃለን። ሕመም የተነገረበት ጥሪ ሁሉ በዚያው ሰዓት ለጥራት ኃላፊዋ፣ ከእሷም ለባለስልጣኑ ይደርሳል።

"ይሄ ያ የወተቱ ነገር ነው?" የሚል ይኖራል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና አካባቢው ወተት ላይ የተሠራ ጥናት አፍላቶክሲን አግኝቶ፣ ምንጩ የላሞች መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቶ ነበር። "አዎ፣ ያው መርዝ ነው" በሉ። ለእንስሳ አትስጡ የምንለውም ለዚህ ነው፤ ላም ከበላችው ወደ ወተቷ ያልፋል።

"ሌላው ምርታችሁስ?" ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሌላ ጭነት የገባበት ምርት እንደገና እየተመረመረ ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ ጥሩም ይሁን መጥፎ ይነገራል። ከዚያ በፊት "ንጹህ ነው" አንልም።

ወሬ ሲነሳ

"ሰው ሞተ" የሚል ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ መውጣቱ አይቀርም። እስካሁን ሕመም ያሳወቀን ሰው የለም። የተጻፈውን አጣርተን በሁለት ሰዓት ውስጥ በገጻችን እንመልሳለን። አስተያየት አናጠፋም፤ የተናደደ ሰው መናደዱ ልክ ነው። የለውዝ ቅቤ ማስታወቂያዎቻችን ግን ከዛሬ 7 ሰዓት ጀምሮ ከየትም ይወርዳሉ። ሬዲዮ ላይ ከመግለጫው ቀጥሎ "ጣፋጭ የጾም ቁርስ" የሚል ድምፃችን ቢሰማ ማንም አያምነንም።

ጋዜጠኛ ከመጣ ሜክሲኮ ቢሯችን ውስጥ ይስተናገዳል። የተቆለፈውን ዕቃ ማየት ከፈለገ በጥራት ኃላፊዋ አጃቢነት ይታይ፣ ይቀረጽ።

እስከ መቼ

በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንት ጠርሙስና ስንት ባልዲ እንደተመለሰ በቁጥር እናወጣለን፤ ቁጥሩ ቢያሳፍርም እናወጣዋለን። የተሰበሰበው የሚወገደው ባለስልጣኑ ባለበት ነው፤ ያም ይነገራል። መሰብሰቡ የሚያበቃው 102ቱም ባልዲ የት እንደደረሰ ሲታወቅ፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉ ሱቆች ሁሉ ሲጎበኙና ባለስልጣኑ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። የስልክ መስመሩ ግን ከዚያ በኋላም እስከ ፋሲካ ማግስት አይዘጋም።