ወባ፦ ከ112 ስላይድ የተጨመቀ የክለሳ ማስታወሻ
ለጤና መኮንን ተማሪዎች፣ የተላላፊ በሽታዎች ኮርስ

በሦስት ክፍለ ጊዜ የተሰጠው ሌክቸር የተደራጀው ከታሪክ ወደ ስርጭት፣ ከስርጭት ወደ ሕክምና ነው። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተለውጦ የጥገኛው የሕይወት ዑደት ቀድሟል፤ ምክንያቱም የበሽታው ምልክት፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም ሆነ የመድኃኒቱ ምርጫ በሙሉ ከዑደቱ የሚመነጩ ስለሆኑ ዑደቱን የያዘ ተማሪ ሌላውን በምክንያት ሊደርስበት ይችላል። የታሪክ ስላይዶቹ ተትተዋል፤ ላቬራን ጥገኛውን በ1880፣ ሮስ የትንኝን ሚና በ1897 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ማግኘታቸውን ማስታወስ ይበቃል።

1. የሕይወት ዑደት

ወባ፦ በፕላስሞዲየም ዝርያዎች የሚመጣ፣ በሴት አኖፊለስ ትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የደም በሽታ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሕመም የሚያስከትሉት ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ ናቸው፤ ማላሪዬ እና ኦቫሌ አልፎ አልፎ ብቻ ይታያሉ።

ስፖሮዞይት፦ ትንኟ ስትነክስ ከምራቋ ጋር ወደ ሰው የሚገባው ቅርጽ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ጉበት ይደርሳል። በጉበት ሴል ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ ተባዝቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሜሮዞይቶችን ይለቃል። በዚህ ወቅት ሰውየው ምንም ዓይነት ሕመም አይሰማውም፤ ደሙም ቢመረመር ጥገኛው አይገኝበትም።

ሜሮዞይቶቹ ወደ ቀይ የደም ሴል ገብተው በየ48 ሰዓቱ (ማላሪዬ በየ72 ሰዓቱ) ሴሉን እያፈነዱ ይወጣሉ። ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ላብ የሚመጡት ከዚህ ፍንዳታ ነው። ይሁን እንጂ በተለይ በፋልሲፓረም ትኩሳቱ ሁልጊዜ ሰዓቱን ጠብቆ ስለማይመጣ፣ በየሁለት ቀኑ የማይነሳ ትኩሳት ወባን አያስቀርም።

ሂፕኖዞይት፦ በጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ የቫይቫክስ እና የኦቫሌ ቅርጽ ሲሆን፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅቶ በሽታውን ይመልሳል። ከዚህ የሚነሳው ሕመም ሪላፕስ ይባላል። ሪክሩደሰንስ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ጥገኛ በሕክምና ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቀርቶ ሕመሙ ሲመለስ ነው። ፋልሲፓረም ሂፕኖዞይት ስለሌለው ሪላፕስ የለውም፤ ሁለቱን ቃላት ማምታታት ወደ ተሳሳተ ሕክምና ስለሚመራ ልዩነታቸው በደንብ ይያዝ።

ጋሜቶሳይት፦ ትንኝን የሚበክለው ጾታዊ ቅርጽ ነው። የቫይቫክስ ጋሜቶሳይት ቶሎ ስለሚታይ ታማሚው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል፤ የፋልሲፓረሙ ግን ለመብሰል ከአሥር ቀን በላይ ይፈጅበታል፣ በማይክሮስኮፕም የሙዝ ቅርጽ ይዞ ይታያል።

2. ፋልሲፓረም የሚገድልበት ምክንያት

ቫይቫክስ የሚመርጠው ወጣት ቀይ የደም ሴሎችን በመሆኑ በደም ውስጥ ያለው ብዛት ውስን ነው። ፋልሲፓረም ግን በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለን ሴል ስለሚያጠቃ ብዛቱ በፍጥነት ይንራል። ከዚህም በላይ የሚከፋው ሴኩዌስትሬሽን ነው፤ ይህም የተበከለው ሴል በገጽታው ላይ በሚያወጣው ፕሮቲን ከትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የደም ዝውውርን ሲያውክ ማለት ነው። በአንጎል ሲሆን ሴሬብራል ማላሪያ ያስከትላል፤ በእርጉዝ ሴት የእንግዴ ልጅ ውስጥ ሲሆን ለፅንሱ ክብደት ማነስ ይዳርጋል። የበሰሉት ቅርጾች በደም ሥሮች ውስጥ ተጣብቀው ስለሚቀሩ በጣት ደም ላይ በአብዛኛው የሚታዩት ቀለበት መሳይ ቅርጾችና ጋሜቶሳይቶች ናቸው። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚቆጠረው ብዛት በሰውነት ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ከባድ ወባ፦ የጥገኛው መኖር ተረጋግጦ ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ነው፦ ራስን መሳት፣ ተደጋጋሚ መንዘፍዘፍ፣ የመተንፈስ ችግር፣ ሾክ፣ የኩላሊት ሥራ መድከም፣ ያልተለመደ መድማት፣ ከ40 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ የደም ስኳር ወይም ብርቱ የደም ማነስ (ሄሞግሎቢን በአዋቂ ከ7፣ ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ከ5 ግራም በዴሲሊትር በታች)። በቫይቫክስም ከባድ ወባ ሊከሰት ይችላል።

3. ምርመራ

ወፍራሙ የደም ፊልም ጥገኛው መኖሩን ለማግኘት፣ ስሱ ደግሞ ዝርያውን ለመለየት ያገለግላል። አርዲቲ በደም ውስጥ ያለን የጥገኛ ፕሮቲን የሚያሳይ ፈጣን መመርመሪያ ነው። ኤችአርፒ2 የተባለውን የፋልሲፓረም ፕሮቲን የሚፈልገው ዓይነት ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛ፣ ጥገኛው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ሕክምና ሠርቷል አልሠራም ለማለት አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ ይህ ጂን የጎደላቸው ጥገኞች በኢትዮጵያ ስለተገኙ ኔጌቲቭ ውጤት ብቻውን ፋልሲፓረምን አያስቀርም።

4. ሕክምና

ለቀላል ፋልሲፓረም አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ከምግብ በተለይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሰጣል፤ ቅባት ከሌለ ሉሜፋንትሪን በደንብ አይመጠጥም። በተጨማሪም በአንድ ጊዜ የሚወሰድ አነስተኛ ፕሪማኩዊን ጋሜቶሳይቱን ይገድላል። እርጉዝ ሴትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪንን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ስለመከረ፣ ኩዊኒን ብቻ የሚሉ የቆዩ ጽሑፎች በዚህ ይታረማሉ።

ለቫይቫክስ ክሎሮኩዊን ለሦስት ቀን የሚሰጠው የደሙን ቅርጽ ለማጥፋት ነው። ሂፕኖዞይቱን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ሲሆን፣ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም በየቀኑ ለ14 ቀን ይሰጣል፤ ይህም ራዲካል ኪዩር ይባላል። ታማሚው በሦስተኛው ቀን ስለሚሻለው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ ስለዚህ ቀሪዎቹ ቀናት ለምን እንደሚያስፈልጉ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው።

ፕሪማኩዊን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በጎደለው ሰው ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ለእርጉዝ ሴትና ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃንም አይሰጥም።

ለከባድ ወባ አርቴሱኔት በደም ሥር በኪሎ 2.4 ሚሊግራም (ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 3 ሚሊግራም) በ0፣ በ12 እና በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያም በየቀኑ ይሰጣል። ቢያንስ 24 ሰዓት ከተሰጠ በኋላ ታማሚው መዋጥ ሲችል ወደ ሙሉ የአፍ ሕክምና ይዛወራል።

5. ስርጭትና መከላከል

ጥገኛው በትንኟ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ፋልሲፓረም ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች እድገቱን አይጨርስም። በአገራችን ስርጭቱ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች የሚሆነውና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚያይለው በዚህና በውሃ ማቆር ምክንያት ነው።

ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ስትሆን፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ስለምትራባ ወባን የገጠር በሽታ ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም። የአልጋ አጎበርና የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭት በቤት ውስጥ የምትነክስና የምታርፍ ትንኝን ይከላከላሉ፤ ለስቴፈንሲ ግን የውሃ በርሜልንና ሮቶን መክደን፣ እጭንም መቆጣጠር የግድ ነው። አርቲኤስኤስ እና አር21 የተባሉት ክትባቶች ያነጣጠሩት በስፖሮዞይቱ ላይ በመሆኑ፣ ደም ውስጥ የገባን የፋልሲፓረም ጥገኛ አያክሙም፤ ቫይቫክስንም አይከላከሉም።