የዘፍጥረት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ የሰዋስው ማብራሪያና መልመጃ

ልጄ ሆይ፣ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» የሚለውን የግዕዝ ዓረፍተ ነገር «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ብለሽ በትክክል ተርጉመሽዋል። ነገር ግን ትርጉሙን ያገኘሽው ቃሉን በቃል ስለምታውቂው እንጂ ሰዋስዉን አይተሽ እንዳልሆነ ራስሽ ስለ ጻፍሽልኝ፣ እያንዳንዱ ቃል ሥራውን በምን እንደሚያስታውቅ ላስረዳሽ።

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ በግዕዝ ግን ብዙ ጊዜ ግሡ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል፣ ተሳቢው ከዚያ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ተሳቢውን የሚያሳውቀን ቦታው ሳይሆን የመጨረሻው ፊደል ነው። አማርኛ «ን» ጨምሮ «ሰማይን» ሲል፣ የግዕዝ ቋንቋ ምንም ፊደል ሳይጨምር ሳድሱን ግዕዝ ወደሚባለው የመጀመሪያ ፊደል ይለውጣል፤ ስለዚህ «ሰማይ» «ሰማየ»፣ «ምድር» ደግሞ «ምድረ» ሆነዋል። ቃሉ በሣልስ የሚያልቅ ከሆነ ወደ ኃምስ ይለወጣል፤ «ብእሲ» «ብእሴ» ይሆናል። እንደ «ዜና» በራብዕ የሚያልቀው ግን አይለወጥም።

«ወ» የአማርኛውን «ና» ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም «ና» ከፊተኛው ስም ኋላ ሲለጠፍ «ወ» በተከታዩ ስም ፊት ይቆማል። «በቀዳሚ» ላይ «ቀዳሚ» እንዳልተለወጠ አስተውዪ፤ «በ» የገባበት ስም ተሳቢ ስላልሆነ መጨረሻው እንዳለ ይቀራል።

እጅግ ልትጠነቀቂለት የሚገባው «ገብረ» ነው። እዚህ «ሠራ፣ ፈጠረ» የሚል ግሥ ነው። ነገር ግን «ገብር» የሚለው ስም፣ ማለትም አገልጋይ፣ ከሌላ ስም ጋር ሲዛረፍ፣ ማለትም የዚያ ስም መሆኑን ሲያሳይ፣ እርሱም «ገብረ» ይሆናል፤ «ገብረ እግዚአብሔር» የሚለው የሰው ስም «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ማለት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአማርኛ ውስጥ በየዕለቱ የምንጠራቸው «ቤተ ክርስቲያን» እና «ቤተ መንግሥት» የተሠሩትም በዚሁ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል የሚያልቅ ቃል ስታገኚ ወዲያው ተሳቢ ነው አትበዪ፤ ግሥ፣ ተሳቢ ወይም እንደ «ቤተ» ከተከታዩ ስም ጋር የሚዛረፍ ዘርፍ አያያዥ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሰማየ ወምድረ» የሚሉት ሁለት ተሳቢዎች የሚስባቸው ግሥ የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ ከ«ገብረ» በቀር ሌላ ግሥ ስለሌለም «ገብረ» ግሥ መሆኑ ይረጋገጣል።

የተማሪዋ መልስ፦ «የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«ገብረ» ነገር አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ነገር ግን ሳነበው የገባኝ መስሎኝ ራሴ ልጽፍ ስል እንዳይጠፋብኝ እሰጋለሁና፣ በቃሌ በማላውቃቸው ዓረፍተ ነገሮች የምለማመድበት መልመጃ ቢሰጡኝ እወዳለሁ።»

መልካም ጠይቀሻል፤ በቃል የተያዘ ጥቅስ ለመልመጃ አይመችም። ከዘፍጥረቱ ዓረፍተ ነገር ቃላት ሌላ ከዚህ በታች ያሉት ቃላት እነዚህ ብቻ ናቸው፦ ርእየ (አየ)፣ ወድቀ (ወደቀ)፣ ብእሲ (ሰው)፣ ብእሲት (ሴት)፣ ንጉሥ፣ ብርሃን፣ ባሕር፣ ቤት። መልሱን በእጅሽ ጻፊ።

መልመጃ አንድ። «ባሕር»፣ «ብርሃን»፣ «ብእሲ»፣ «ብእሲት» የሚሉትን ስሞች ወደ ተሳቢ ለውጪ።

መልመጃ ሁለት። ወደ ግዕዝ ተርጉሚ፤ ግሡን አስቀድሚ።
ሀ. እግዚአብሔር ባሕርንና ብርሃንን ፈጠረ።
ለ. ንጉሥ ሴትን አየ።
ሐ. ሰው የንጉሥን ቤት አየ።

መልመጃ ሦስት። ወደ አማርኛ ተርጉሚ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ባለቤቱን በምን እንደለየሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ።
ሀ. ርእየ ንጉሥ ብእሴ።
ለ. ብእሴ ርእየ ንጉሥ።
ሐ. ወድቀ ቤተ ንጉሥ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልመጃዎች ከጨረስሽ በኋላ ብቻ በዚህ አመሳክሪ። የአንደኛው መልስ ባሕረ፣ ብርሃነ፣ ብእሴ፣ ብእሲተ ነው። የሁለተኛው ሀ «ገብረ እግዚአብሔር ባሕረ ወብርሃነ»፣ ለ «ርእየ ንጉሥ ብእሲተ»፣ ሐ «ርእየ ብእሲ ቤተ ንጉሥ» ነው። በሐ ላይ «ቤተ» ተሳቢም ዘርፍ አያያዥም ሆኖ ሳለ መልኩ አንድ ብቻ መሆኑን ልብ በዪ፤ «ንጉሥ» ግን ዘርፍ ስለሆነ «ንጉሠ» አይባልም።

የሦስተኛውን መልስ አልጻፍኩልሽም፤ በሚቀጥለው ትምህርታችን ላይ አንቺው ታስረጂኛለሽ። በተለይ በመጨረሻው ላይ ቆዪበት፤ «ቤተ» በግዕዝ ፊደል ቢያልቅም፣ መውደቅ ተሳቢ የሌለው ግሥ ነው።