ኦርጅናል ኢግኒሽን ኮይል 90919-02240፦ ለያሪስ፣ ኢኮ፣ ቪትዝ 1.5፣ ፕሮቦክስ እና ፕሪየስ

አዲስ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም። ሥሪቱ ዴንሶ፣ ሶኬቱ ባለ አራት ፒን። አንዱ 4,500 ብር፣ አራቱን አንድ ላይ ለሚወስድ 17,200 ብር። ሱቃችን መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው።

የሚገጥምላቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፦

ቶዮታ ያሪስ፣ 2006–2012፣ ሞተር 1.5 (1NZ-FE)
ቶዮታ ኢኮ፣ 2000–2005፣ ሞተር 1.5 (1NZ-FE)
ቶዮታ ቪትዝ፣ 2005–2010፣ ሞተር 1.5 ብቻ (1NZ-FE)
ቶዮታ ፕሮቦክስ፣ 2002–2013፣ ሞተር 1.5 (1NZ-FE)
ቶዮታ ፕሪየስ፣ 2004–2009፣ ሞተር 1.5 (1NZ-FXE)

የማይገጥምላቸው፦

ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትር፣ ሞተሩ 1KR-FE የሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ቪትዝ ባለ 1.0 ስለሆነ እባካችሁ መጀመሪያ ሊብሬያችሁ ላይ የሞተሩን ጉልበት እዩ። 1000 ሲሲ አካባቢ ከሆነ የአሮጌውን ኮይል ቁጥር ሳታጣሩ ይህን ኮይል አትግዙ።
ኮሮላ 2003–2008 ባለ 1.8 (1ZZ-FE)። የእሱ ቁጥር 90919-02239 ነው። ቁጥሮቹ ተከታታይ ስለሆኑ በስልክ ሲነገሩ በቀላሉ ይምታታሉ። ስለዚህ ቁጥሩን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩልን።

የመኪናው ስምና ዓመት ብቻ አይበቃም። ያው ስም ያለው መኪና፣ በዚያው ዓመት ተሠርቶ፣ ሌላ ሞተር ሊኖረው ይችላል። ከሁሉም የሚታመነው አሮጌው ኮይል ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ኮይሉ በአንድ ባለ 10 ቁልፍ ቡሎን ነው የታሰረው፣ ነቅላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ቁጥሩ ከጠፋ የሻንሲ ቁጥሩን ላኩ፣ አጣርተን እንነግራችኋለን።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ኮምፒውተሩ P0302 ካወጣ፣ የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ስህተቱ ወደ P0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው P0302 ላይ ከቆየ ግን ካንዴላውን ወይም ኢንጀክተሩን አስፈትሹ፣ ገንዘባችሁን በከንቱ አታውጡ። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያ የቫልቭ ክዳኑን ጋስኬት አስቀይሩ። አለበለዚያ አዲሱም ኮይል ዕድሜ አይኖረውም።

አራቱንም የግድ መቀየር የለባችሁም። አንዱ ብቻ ከተበላሸ አንድ ግዙ።

ዋስትና 3 ወር። ቁጥሩ ከላክነው የተለየ ሆኖ ከተገኘ የመመለሻውን ወጪ እኛ እንችላለን። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ግን "አልመጠነም" በሚል አንመልስም፣ ለዚህ ነው አስቀድማችሁ አጣሩ የምንለው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው ቀን በሞተር እናደርሳለን፣ ወደ ክልል በአውቶቡስ እንልካለን። እሁድ ሱቁ ዝግ ነው።