የስታቲክስ ሚድ 3ኛ ጥያቄ ድጋሚ እንዲታይልኝ

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና፣ ክፍል 2 ተማሪዎ ነኝ። ትናንት የስታቲክስ ሚድ ወረቀታችንን መልሰውልናል። ከ30 21 አግኝቻለሁ። የምጽፍልዎ ስለ 3ኛው ጥያቄ ነው። ከ12 ያገኘሁት 4 ነው።

ጥያቄው 100 ኪሎ የሚመዝን ሳጥን በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ፣ የፍሪክሽን ኮፊሸንቱ 0.3 ሆኖ ነበር። «ሀ» ላይ ለፍሪ ቦዲ ዲያግራሙ ሙሉ 4 ማርክ ሰጥተውኛል። «ለ» ሳጥኑን በቋሚ ፍጥነት ሽቅብ ለመጎተት ስንት ኃይል ያስፈልጋል ይላል፤ 5 ማርክ አለው። እዚያ ላይ ዜሮ ነው ያገኘሁት። መልሴ ላይ የመቀነሱ ምልክት በቀይ ተከቦ «ምልክት ተሳስቷል» ተብሏል።

እኔ የኤክስ አክሲስን ፖዘቲቭ አቅጣጫ ቁልቁል ነው የወሰድኩት። ዲያግራሙ ላይ ቀስቷን አስቀምጫለሁ፤ ግን በእርሳስ ስለሆነች ደብዘዝ ብላለች፣ ይህ የኔ ጥፋት ነው። ስሌቱ እንዲህ ነበር፦

```
N = 981 cos 30° = 850 N
f = 0.3 × 850 = 255 N
Fx + 981 sin 30° + 255 = 0
Fx = -745 N
```

ሳጥኑ ሽቅብ ሲሄድ ፍሪክሽኑ ቁልቁል ስለሚይዘው፣ ክብደቱም ፍሪክሽኑም ፖዘቲቭ ሆነው ገቡ። ስለዚህ የወጣው ኔጋቲቭ፣ ኃይሉ ሽቅብ ነው ማለት ነው። ቦታ ስላለቀብኝ የመጨረሻዋን መስመር ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው ጽፌያታለሁ፦ «745 ኒውተን፣ ተዳፋቱን ተከትሎ ሽቅብ»። ምናልባት ያቺ መስመር አልታየች ይሆናል። ከ60 በላይ ወረቀት ሲታረም አንድ ጀርባ ቢዘለል አይገርምም። ደግሞ እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ኩንታል ጤፍ በጣውላ ወደ አይሱዙ ሲጫን እያየሁ ነው ያደግሁት። ጭነት ሽቅብ ለማውጣት ቁልቁል እንደማይጎተትማ አላጣሁትም!

«ሐ» ላይ ግን ቅሬታ የለኝም። ሳጥኑ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ትንሹን ኃይል ሲጠየቅ፣ ፍሪክሽኑ ሽቅብ መዞሩን ረስቼ ያንኑ 745 ደገምኩት። ቤት ገብቼ ስሠራው 236 ኒውተን ገደማ ሆኖ አገኘሁት። 3ቱ ማርክ የተቀነሰው በትክክል ነው።

የምለምንዎ «ለ»ን ብቻ፣ ከጀርባው ገጽ ጋር አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም አልነካሁም፤ እንደሰጡኝ ነው ያለው። ማክሰኞ ከሰዓት 9 ሰዓት ቢሮዎ ይዤ እመጣለሁ። ካልተመቸዎ በክፍል ተጠሪያችን በኩል ቢልኩብኝ በሌላ ሰዓት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ይበልጣል